ተርባይኑ ከተቀበለው በላይ ይሰጣል? የጎደለው 106 ኪሎጁል

«ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ስኳር ፋብሪካ የኃይል ማመንጫ ክፍል ኦፕሬተር ነኝ። ተርባይናችን በሴኮንድ 10 ኪሎግራም እንፋሎት በ30 ባር ግፊትና በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀበላል፤ በ2 ባርና በ150 ዲግሪ ይለቃል። የመግቢያውንና የመውጫውን ውስጣዊ ኃይል ከእንፋሎት ሰንጠረዥ አውጥቼ ልዩነቱን በፍሰቱ ሳባዛው 3,564 ኪሎዋት ይመጣል። የጄኔሬተሩ መለኪያ ግን 4,350 ኪሎዋት ያሳያል። መለኪያው ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል። ስህተቱ የት ነው?»

ወንድሜ፣ መለኪያውን አትጠራጠር። ማባዛትህም ትክክል ነው። ስህተቱ ከሰንጠረዡ የተሳሳተውን ዓምድ ማንበብህ ላይ ነው። ውስጣዊ ኃይል ማለትም u የሚበቃው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ላለ፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ለማይፈስ እንፋሎት ነው። የአንተ እንፋሎት ግን ይፈሳል፤ ለሚፈስ ነገር ደግሞ የሚነበበው የኤንታልፒ ዓምድ፣ ማለትም h ነው።

ምክንያቱን ለማየት መግቢያው ቧንቧ ላይ እንቁም። በ30 ባርና በ400 ዲግሪ አንድ ኪሎግራም እንፋሎት 0.0994 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ይህ ኪሎግራም ወደ ተርባይኑ የሚገባው ከኋላው ያለው እንፋሎት በ3,000 ኪሎፓስካል ስለሚገፋው ነው። ግፊት በይዘት ሲባዛ ሥራ ይሰጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎግራም በውስጡ ከያዘው ኃይል ሌላ የ298 ኪሎጁል ግፊያ ይዞ ይገባል። መውጫው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ አንድ ኪሎግራም 0.960 ሜትር ኩብ ይዞ፣ ከፊቱ ያለውን እንፋሎት በ200 ኪሎፓስካል እየገፋ መውጣት አለበት፤ ይህም 192 ኪሎጁል ያስወጣዋል። ሲገባ 298 ተቀብሎ ሲወጣ 192 ከከፈለ፣ 106 ኪሎጁል ለተርባይኑ ዘንግ ይተርፋል። ከሒሳብህ የጎደለው ይህ ነው።

ግፊያውን በየጊዜው ለብቻ ማስላት እንዳያስፈልግ ሰንጠረዡ አስቀድሞ ደምሮታል፦

```
h = u + P·v
መግቢያ፦ 2,933.5 + 298.2 = 3,231.7 kJ/kg
መውጫ፦ 2,577.1 + 192.0 = 2,769.1 kJ/kg
ልዩነት፦ 462.6 kJ/kg × 10 kg/s = 4,626 kW
```

4,626 ኪሎዋት እንፋሎቱ ለዘንጉ የሰጠው ነው፤ መለኪያህ የሚያየው ደግሞ ከማርሹ፣ ከተሸካሚዎቹና ከጄኔሬተሩ በኋላ የቀረውን ነው። በመካከሉ 276 ኪሎዋት ጠፍቷል፣ ማለትም 94 በመቶው ደርሷል። ማርሽ ላለው አነስተኛ ተርባይን ይህ የሚጠበቅ ቁጥር ነው።

ብዙዎች እዚህ ላይ «ያ ግፊያ ከየት መጣ? ማን ከፈለው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የውኃ ማስገቢያው ፓምፕ ነው የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ ልክ አይደለም። አንድ ኪሎግራም ውኃ የሚይዘው አንድ ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፓምፑ በ3,000 ኪሎፓስካል ለመግፋት የሚያወጣው 3 ኪሎጁል ገደማ ነው። የቀረውን 295 የሚከፍለው በቦይለሩ የሚነደው የሸንኮራ አገዳ ቅሪት፣ ማለትም ባጋሱ ነው። ውኃው በቦይለሩ ውስጥ ወደ እንፋሎት ሲለወጥና ሲሞቅ ይዘቱ ወደ መቶ እጥፍ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከፊቱ ያለውን እንፋሎት በሙሉ ግፊት ወደ ተርባይኑ ይገፋል። ስለዚህ የቦይለሩም ሒሳብ በኤንታልፒ መሠራት አለበት። ቦይለሩን በ h፣ ተርባይኑን በ u የሚያሰላ ሰው ሁለቱን ሲያገናኝ መቼም አይገጥምለትም።

በሙሉው የተረጋጋ ፍሰት ቀመር ውስጥ የፍጥነት ኃይልና ወደ ውጭ የሚያመልጥ ሙቀትም አሉ። ለአንተ ተርባይን ብዙ አይለውጡም። እንፋሎቱ በሴኮንድ 40 ሜትር ገብቶ በ70 ሜትር ቢወጣ እንኳ ልዩነቱ 1.65 ኪሎጁል በኪሎግራም፣ በጠቅላላው 17 ኪሎዋት አይሞላም። እንፋሎቱን በሚያፈጥኑት የውስጥ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ በኖዝሎቹ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ ዘንግ የለም፤ የወረደው ኤንታልፒ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ፍጥነት ይለወጣል። በአንድ ኖዝል 100 ኪሎጁል በኪሎግራም ከወረደና የመግቢያው ፍጥነት ትንሽ ከሆነ፦

```
V = √(2 × 100,000 J/kg) = 447 m/s
```

ኪሎጁሉን ወደ ጁል ሳትለውጥ ካስገባኸው 14 ሜትር በሴኮንድ ይወጣልሃል። ይህን ያህል ዝግ ያለ የኖዝል ፍጥነት ካየህ ወዲያውኑ ወደ አሃዶቹ ተመለስ።

አሁን ሒሳቡን በየጊዜው ለመሥራት ካሰብክ፣ ከሁሉ በላይ ለቴርሞሜትሩ ተጠንቀቅ። በመግቢያው ሁኔታ አንድ ዲግሪ ስህተት 2.3 ኪሎጁል በኪሎግራም ነው፤ በአንተ ፍሰት 23 ኪሎዋት ማለት ነው። የግፊት መለኪያው ስህተት ከዚህ ይልቅ ይታገሣል፤ ያም ሆኖ የመለኪያው ንባብ ላይ የከባቢ አየሩን ግፊት መደመር አትርሳ። ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ላይ ባለ ፋብሪካ የሚደመረው 1 ባር ሳይሆን 0.85 ባር ገደማ ነው። መደመሩን በመውጫው ላይ ብቻ ብትረሳው 64 ኪሎዋት ገደማ ልዩነት ያመጣል።

በስኳር ፋብሪካዎች በተለይ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ከተርባይኑ የሚወጣው እንፋሎት ጭማቂው ወደሚተንበት ክፍል ከመድረሱ በፊት ውኃ ተረጭቶበት ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትሩ ከርጭቱ በኋላ ከተተከለ የምታነበው የተርባይኑን መውጫ አይደለም። ለምሳሌ እዚያ 125 ዲግሪ ብታነብ ኤንታልፒው ወደ 2,717 ይወርድና ተርባይኑ 5,150 ኪሎዋት ያህል ሰጠ ትላለህ። መለኪያው 4,350 ላይ ስለሆነ 800 ኪሎዋት የት ገባ ብለህ ተሸካሚ ልትፈታ ትነሣለህ። ተሸካሚ 800 ኪሎዋት ቢያባክን ኖሮ ዘይቱ ሳይፈላ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ቧንቧውን ተከትለህ ሂድና ቴርሞሜትሩ ከርጭቱ በፊት መሆኑን በዓይንህ አረጋግጥ። ንባቦቹንም ጭነቱ ሲወጣና ሲወርድ አትውሰድ። ቀመሩ የሚሠራው የገባው ያህል በሚወጣበት፣ ሙቀቱና ግፊቱም በማይለዋወጡበት ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የመውጫው እንፋሎት ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። በ2 ባር ውኃ የሚፈላው በ120.2 ዲግሪ ስለሆነ 150 ዲግሪ ማንበብህ ደረቅ መሆኑን ያረጋግጥልሃል። ንባቡ 120 ላይ ከቆመ ግን እንፋሎቱ ጠብታ ሊኖረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ግፊትና ሙቀት ተጣምረው እንኳ ኤንታልፒውን አይነግሩህም፤ አሥር በመቶ ጠብታ ብቻ 220 ኪሎጁል በኪሎግራም ይለውጠዋል። በዚህ ሁኔታ ሒሳቡን ገልብጠው፦ ጄኔሬተሩ ያን ጊዜ የሚያሳየውን ኪሎዋት ለ0.94 አካፍል፣ ውጤቱን ለፍሰቱ አካፍል፣ ከመግቢያው ኤንታልፒ ቀንስ። የሚቀርህ የመውጫው ኤንታልፒ ነው፤ ከእሱ ተነሥተህ እንፋሎቱ ምን ያህል ጠብታ እንደያዘ ከሰንጠረዡ ታገኛለህ።