300 ዋት ፓኔል በቀን ስንት ይሰጣል?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 300 ዋት ፓኔል ሰቅያለሁ። በቀን ስንት ዋት ሰዓት ልጠብቅ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ 300 የተባለው ፓኔሉ ራሱ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ሲለካ ነው። በድሬ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ግን እኩለ ቀን 65 ሊደርስ ይችላል። ከ25 በላይ ለያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳልና 16 በመቶው በሙቀት ሄደ፤ 252 ዋት ቀረህ። አቧራው 8 በመቶ ቢወስድ 232 ይሆናል። የቀኑ ፀሐይ በሙሉ ኃይሉ እንደሚያበራ ቢቆጠር 5.5 ሰዓት ያህል ነውና፣ በዚያ ስታባዛው ወደ 1,280 ዋት ሰዓት ነው፣ ያውም ሽቦና ባትሪ የሚበሉት ሳይቀነስ።

ዘንበል ማለቱ እኛ አገር ለፀሐዩ ብዙም አያሳስብም። ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ዝናብ አያጥበውም፣ አቧራውም ይጋገርበታል። 10 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ አዘንብለው፤ ከቆርቆሮውም አንድ ስንዝር አንሳው፣ ከሥሩ ነፋስ ይግባበት።