የቂብላን መስመር በአንድ ሜትር ብረት ጥላ ማውጣት

«አዲስ አበባ ዳር ለምንሠራው መስጂድ መሠረት ልናወጣ ነው። የአሮጌው መስጂድ ሚህራብ፣ ኮምፓሱና የስልኩ አፕ ሦስቱም አልተስማሙም። አንድ ወንድም ደግሞ ሐረር ላይ የተሠራበትን ዲግሪ ይዞልን መጣ። የድሮ ዑለማዎች በፀሐይ ያወጡት ነበር ይባላል፤ እኛስ እንችላለን? የዐስርን ሰዓትስ በጥላ እንዴት እናረጋግጥ?» (የግንባታ ኮሚቴ)

ትችላላችሁ፤ ደመና የሌለበት አንድ ቀን ይበቃል። የሐረሩን ዲግሪ ግን አሁኑኑ ተዉት።

ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ትክክለኛውን ሰሜን መሬት ላይ ማስመር፣ ሁለተኛው ከዚያ ሰሜን ወደ መካ ስንት ዲግሪ እንደሚዞር ማወቅ ነው። ሙወቂት የሚባሉት የመስጂድ ሰዓት ጠባቂ ሊቃውንትም እንዲሁ ለይተው ነበር የሚሠሩት፤ ሰሜኑን ከጥላ፣ ዲግሪውን ከሂሳብ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደማስቆ የነበረው አል-ኸሊሊ ሂሳቡን ለሌላው ለማቅለል ወደ 3,000 የሚጠጉ ቁጥሮች ያሉት የቂብላ ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል። ሰንጠረዡ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10ኛው ዲግሪ ጀምሮ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ደሴና ጎንደር ይገቡበታል፣ አዲስ አበባና ሐረር ለጥቂት ቀርተዋል።

ከዲግሪው እንጀምር። አዲስ አበባ 9.03 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.74 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት። ካዕባ 21.42 ሰሜን፣ 39.83 ምሥራቅ ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው የምሥራቅ–ምዕራብ ልዩነት 1.09 ዲግሪ ብቻ ነው። ቀመሩ ይህ ነው፤ φ የእናንተ ከተማ፣ φm የመካ፣ ΔL የምሥራቅ–ምዕራቡ ልዩነት፣ q ደግሞ ከሰሜን ወደ መካ የሚዞረው ዲግሪ ነው፦

```
tan q = sin(ΔL) / (cos φ × tan φm − sin φ × cos ΔL)
      = 0.0190 / (0.3875 − 0.1569) = 0.082
q     = 4.7°
```

ስለዚህ የአዲስ አበባ ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 4.7 ዲግሪ ነው። ደሴ ላይ ያው ሂሳብ 1 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ይሰጣል። ሐረር ግን ከመካ በስተምሥራቅ ስለሆነች ቂብላዋ ከሰሜን ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ያህል ይዞራል። የሐረሩን ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ብትጠቀሙ ወደ 15 ዲግሪ ትስታላችሁ ማለት ነው። እኛ አገር ለመካ ቅርብና ከሥሯ ስለሆንን፣ በምሥራቅ–ምዕራብ የአንድ ዲግሪ ስህተት ቂብላውን ከ4 ዲግሪ በላይ ያዞረዋል። ሊቃውንቱም የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነበር፤ የከተማን ከሰሜን–ደቡብ ያለ ቦታ በፀሐይ ከፍታ በቀላሉ ይለካሉ፣ የምሥራቅ–ምዕራቡን ግን ሁለት ሰዎች በሁለት ከተማ አንዱን የጨረቃ ግርዶሽ እየተመለከቱ ሰዓት ማነጻጸር ነበረባቸው። እናንተ የቦታውን ቁጥር ከስልክ ካርታ ወስዳችሁ እስከ ሁለተኛው አስርዮሽ ብትጽፉት በቂ ነው።

ኮምፓሱና አፑ ያልተስማሙት ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ አይቀርም። ኮምፓስ የሚያሳየው የማግኔቱን ሰሜን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከእውነተኛው ሰሜን ሁለት ሦስት ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ይዘማል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የግንባታው ቦታ ራሱ ነው። የተቆለለ ፌሮ፣ የቆመ መኪና፣ የአርማታ ኮለን አጠገብ ስትሆኑ መርፌው እንደልቡ ይሄዳል፤ የስልኩም ኮምፓስ ያው ማግኔት ነው። ቆማችሁበት ከነበረው አምስት እርምጃ ፈቀቅ ብላችሁ ድጋሚ አንብቡት። ንባቡ ከተለወጠ ብረት ነው ያሳሳተው።

አሁን ሰሜኑን እናውጣ። ዘዴው የህንድ ክብ ይባላል። 5 ሜትር በ5 ሜትር የሚሆን ሊሾ ወይም በደንብ የተጠቀጠቀ መሬት ያስፈልጋችኋል። በውሃ ልክ በሁሉም በኩል ፈትሹት፤ ወለሉ በምሥራቅ–ምዕራብ በሜትር 1 ሳንቲም ቢያዘነብል እንኳ ሰሜኑ እስከ ሩብ ዲግሪ ሊዞርባችሁ ይችላል። መሀል ላይ አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ብረት አቁሙ። በልማዱ የብረቱ ቁመት የክቡ ስፋት ሩብ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ክብ ከመሀል እስከ ጠርዙ 2 ሜትር ይሆናል። በሲባጎና በኖራ አስምሩት፣ ውስጡ ደግሞ በ1 ሜትር ከ80 እና በ1 ሜትር ከ60 ሁለት ክቦች ጨምሩ። ከሰዓት በኋላ ደመና አንዱን ቢነጥቃችሁ ሌላው ይተርፋል።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት የጥላው ጫፍ ላይ ነው። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ስፋት ያላት ክብ ስለሆነች የጥላው ጫፍ ይደበዝዛል። በ2 ሜትር ጥላ ላይ ድብዝዙ ከ4 እስከ 5 ሳንቲም ይረዝማል፤ ጧት አንዱን ጠርዝ፣ ከሰዓት ሌላውን ብትይዙ ሥራው ተበላሸ። ስለዚህ ጫፉን አትመኑ። ቁራጭ ላሜራ በ5 ሚሊሜትር ሚስማር ብሱና ብረቱ ጫፍ ላይ አግድም እሰሩት። አሁን ጥላው መሀል ላይ አንዲት የብርሃን እንክብል ትታያለች፤ የምትከታተሉት የእሷን መሀል ነው። ከቀዳዳው ቱንቢ ጥላችሁ የክቦቹን መሀል ቱንቢው ካረፈበት ነጥብ ጀምሩ እንጂ ከብረቱ ሥር አትጀምሩ። ቁመቱንም ስትለኩ ከወለሉ እስከ ቀዳዳው ነው።

ጠዋት እንክብሏ ከምዕራብ በኩል እያጠረች ትመጣለች። የውጭውን ክብ የምትነካው ወደ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሆነ ቀድማችሁ ተገኙ። የእያንዳንዱን ክብ መንኪያ በሚስማር ምልክት አድርጉ። ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል ስትወጣም እንዲሁ። በአንድ ክብ ላይ ያሉትን የጠዋትና የከሰዓት ሚስማሮች በሲባጎ አያይዙ፤ ያ መስመር ቀጥ ያለ ምሥራቅ–ምዕራብ ነው። መሀሉን በሜትር ለኩና ከክቡ መሀል ጋር አያይዙት፤ ያ ደግሞ ሰሜን–ደቡብ ነው። የሦስቱ ክቦች መስመሮች 2 ሜትር ላይ ከ1 ሳንቲም በላይ ከተለያዩ የሆነ ነገር ተንቀሳቅሷል፣ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ነው። በሚቀጥለው ቀን ድገሙት።

ዲግሪውን በፕሮትራክተር መለካት አያስፈልግም። የሰሜኑን መስመር 10 ሜትር አስረዝሙና ጫፉ ላይ ችካል ምቱ። ከችካሉ በቀጥታ ማዕዘን ወደ ምሥራቅ 82 ሳንቲም ሂዱና ሌላ ችካል ምቱ። ከክቡ መሀል ወደዚህ ሁለተኛ ችካል የሚሄደው ሲባጎ ቂብላችሁ ነው። የሶፎቹና የሚህራቡ ግድግዳ መስመር ለዚህ በ3፣ 4፣ 5 ማዕዘን ይወጣል። የአሮጌውን መስጂድ በተመለከተ፣ ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ከሆነ ግድግዳ ከማፍረስ ምንጣፉን ማዞር ይቀላል፤ ፍርዱን ለዑለማዎቻችሁ ተዉት።

ሌላ ማረጋገጫ አለ። በዓመት ሁለቴ ፀሐይ ልክ ካዕባ አናት ላይ ትቆማለች፤ ነሲሩዲን አል-ጡሲ ይህንን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 19 ወይም 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18፣ ሐምሌ 8 ወይም 9 ደግሞ 6 ሰዓት ከ27 ነው። ሰዓታችን ከመካ ጋር አንድ ስለሆነ መቀየር አይኖርም። በዚያች ደቂቃ የቱንቢ ክር ጥላ ከጫፉ ወደ ሥሩ ሲታይ ወደ ካዕባ ይጠቁማል። ለእኛ ግን ወጥመድ አለው። ፀሐይዋ አናታችን አካባቢ ስለሆነች በአንድ ደቂቃ ውስጥ አቅጣጫዋ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይዞራል፣ ጥላውም አጭር ነው፤ 3 ሜትር ክር 66 ሳንቲም ብቻ ይጥላል። ቀኑ በአንድ ቢሳሳት ምንም አይደለም፣ ደቂቃው ከተሳሳተ ግን ከንቱ ነው። የሐምሌውን ደግሞ ክረምቱ ይወስደዋል። ለመፈተሻ እንጂ ለመሠረት አትጠቀሙበት።

ዐስር በዚያው ብረት ይወጣል። ደንቡ፦ ፀሐይ መሀል ሰማይ ላይ ስትሆን የነበረው ጥላ ላይ የብረቱን ቁመት አንድ ጊዜ ጨምሩ (ሻፊዒዮች ዘንድ)፤ ጥላው እዚያ ሲደርስ ዐስር ገባ። ሐነፊዮች ዘንድ ሁለት ጊዜ ይጨመራል። የተለመደው ስህተት የቀትሩን ጥላ መርሳት ነው። ታህሳስ 12 አዲስ አበባ ላይ የቀትር ጥላ 64 ሳንቲም ነው፤ ስለዚህ ዐስር የሚገባው ጥላው 1 ሜትር ከ64 ሲደርስ፣ ወደ 9 ሰዓት ከ43 ገደማ ነው። 64ቱን ረስቶ 1 ሜትር ላይ አዛን የሚያደርግ ሰው ወደ 8 ሰዓት ተኩል አዛን ያደርጋል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ። ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ ግን ቀትር ላይ ጥላ የለም፤ ያን ጊዜ 1 ሜትሩ ብቻ ትክክል ነው፣ ዐስርም 9 ሰዓት ከ28 አካባቢ ይሆናል።

በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል፣ ማለትም ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ፣ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ሰኔ አጋማሽ ላይ 26 ሳንቲም ይደርሳል፣ እሱም ይደመራል። የድሮ መጻሕፍት ሥዕሎች ጥላውን ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ያሳያሉ፤ የተሣሉት ለባግዳድ፣ ለካይሮና ለደማስቆ ነው፣ እዚያ ፀሐይ አናት አልፋ አታውቅም። የቀትሩን ጥላ በሰዓት አትፈልጉት፤ አዲስ አበባ ቀትር የሚሆነው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው ውስጥ እንደ ወሩ ነው። እንክብሏ ያወጣችሁትን የሰሜን–ደቡብ መስመር ስትቆርጥ ከመሀል እስከ እሷ ለኩ፤ ያ የዕለቱ የቀትር ጥላ ነው።