አምስት ፐርሰንት ቀላል ትመስላለች

«አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። ለቋሚ ደንበኞቼ የቅናሽ ካርድ ልጀምር አስቤ ነበር። ትርፌን ብዙ ሳይነካው እንዴት ላድርገው? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።»

እህቴ፣ እኔ ሞክሬ ተቃጥያለሁ። ፒያሳ ነኝ። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ደንበኞቼ ተበተኑ። ደንግጬ «ለቋሚ ደንበኛ በሁሉም ዕቃ 5 ፐርሰንት ቅናሽ» ብዬ ለጠፍኩ።

1. መድኃኒቱን ከቅናሹ አውጪው። በ80 ብር ገዝተሽ በ100 የምትሸጪው ላይ ያለሽ 20 ብር ነው። 5 ብር ስትቀንሺ የሚነካው ያ 20 ነው፤ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። የድሮውን ትርፍ ለማግኘት ሽያጭሽ በሲሶ መጨመር አለበት። ቅናሽ አለ ብሎ ደግሞ ማንም ሁለቴ አይታመምም። አንቲባዮቲክ ላይ የቅናሽ ካርድ ማህተም እየመቱ መሸጥማ ነውር ነው።

2. ቅናሹ ደረሰኝ ላይ ይውጣ። እኔን ያከሰረኝ ይሄ ነው። ወረፋ ሲበዛ ማሽኑ ላይ ሙሉ ዋጋ እመታና ቅናሹን በእጅ እመልስ ነበር። የ575 ብር ሎሽን ከሆነ ወደ 29 ብር ማለት ነው። ከ575ቱ 75ቱ ቫት መሆኑንም ረስቼ ትርፌ ውስጥ ቆጥሬዋለሁ። የግብር ኦዲት ሲመጣ የመለስኩትን የጻፍኩበትን ደብተር ይዤ ግብር ቢሮ ሄድኩ። ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ደብተሩን ገፋ አደረገችው። «ደረሰኝ ላይ የሌለ ቅናሽ እኛ አናውቅም።» ዓመት ሙሉ ኪሴ ላልገባ ብር ግብር ከፈልኩ። እውነቷን ነው፤ ግን ሰው እንደዚያ ይናገራል?

3. አሁን ካርዱ ለሎሽን፣ ለሻምፑ፣ ለዳይፐር ብቻ ነው። የሕፃናት ዱቄት ወተት አላስገባም፣ እሱን ማስተዋወቅ ክልክል ነው። ቫት ሳይጨመር በ500 ብር አንድ ማህተም፣ አስር ሲሞላ 150 ብር ቅናሽ፣ ማሽኑ ላይ ተመትቶ። 5,000 ብር ሲገዙ እኔ ጋ 1,000 ያህል ይቀራል፣ ከሱ ነው 150 የምሰጠው። ያ የድሮው 5 ፐርሰንት 250 ይወስድብኝ ነበር። ካርዱን ስድስት ወር ገድቢው። ግማሹ ሰው ቤቱ ረስቶት ይመጣል፣ አትዘኚለት።

4. የግፊትና የስኳር ደንበኛ ግን ቅናሽ አይደለም የቸገረው። መድኃኒቱን ማጣት ነው። በፈቃዳቸው ስልካቸውን፣ የመድኃኒቱን ስምና የሚያልቅበትን ቀን እመዘግባለሁ። 30 ፍሬ አምሎዲፒን በቀን አንድ ከሆነ ቀኑ ይታወቃል። ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው መደርደሪያዬን አያለሁ፣ ከሌለ ከጅምላ አስመጣለሁ፣ ከዚያ እደውላለሁ። ከስልክ ካርድ ሌላ ወጪ የለውም። ሰፈሩ ሲፈርስ ሩቅ የሄዱ አንድ ጋሼ አሉ። አሁንም በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። «አስቀምጠህልኛል አይደል?» ይሉኛል ከበሩ። ሲወጡ የጥርስ ሳሙናቸውንም ከኔው ነው የሚገዙት፣ በሙሉ ዋጋ።