«±1 ስህተት» ይባላል ወይ? ስለ ፍሪኩዌንሲ ካውንተር አማርኛ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጅማ መርካቶ አካባቢ ጄኔሬተር ነው የምንጠግነው። ለተለማማጆቹ በአማርኛ መመሪያ እየጻፍኩ «ቆጣሪው የበር ሰዓቱ 1 ሰከንድ ከሆነ ±1 ስህተት አለው፤ የበር ሰዓቱ ሲረዝም ትክክለኛነቱ ይጨምራል» አልኩ። ጓደኛዬ አማርኛው ልክ አይደለም አለኝ። ምኑ ነው ልክ ያልሆነው?

መልስ፦ ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርሳቸው። «ቆጣሪ» ብቻውን ሲጻፍ ሰው የሚመጣለት የመብራት ቆጣሪ ነው፣ ስለዚህ ፍሪኩዌንሲ ካውንተር ይበሉት። «የበር ሰዓት»ም አይሆንም፣ የምንናገረው ስለ ቆይታ ስለሆነ «ጊዜ» ነው የሚባለው፣ ወይ ደግሞ ጌት ታይም ብለው ይተዉት፣ ልጆቹም በዚሁ ነው የሚያውቁት።

ዋናው ግን «ስህተት» ላይ ነው። በአማርኛ ስህተት ካለ የሳተ አለ፣ የሚታረም ነገርም አለ። እዚህ ግን መሣሪያው ምንም አልሳተም። ካውንተሩ የሚያደርገው ጌቱ ተከፍቶ እስኪዘጋ ሞገዱ ስንት ጊዜ የዜሮን መስመር ወደ ላይ እንዳቋረጠ መቁጠር ብቻ ነው፣ ግማሽ የሚባል አያውቅም፣ ጌቱም የሚከፈተው ሞገዱን ጠብቆ አይደለም። ጄኔሬተሩ በእውነት 50.3 ኸርዝ እየሠራ ነው እንበል። በ1 ሰከንድ ውስጥ ሃምሳ ሙሉ ዑደትና ትንሽ ትርፍ አለ፣ ያቺ ትርፍ ተቆጠረች አልተቆጠረች የሚወስነው ጌቱ የተከፈተበት ቅጽበት ነው፣ ስለዚህ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ያህል 50 ቀሪውን 51 ያሳያል። ሁለቱም ቆጠራ ልክ ነው! ተለማማጁ ግን «ስህተት» የሚለውን አንብቦ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሊከፍተው ይችላል፣ ወይ ጄኔሬተሩ እየተንቀጠቀጠ ነው ብሎ ገቨርነሩን ይነካካል። ስለዚህ «የመጨረሻው ዲጂት አንድ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል» ብለው ቢጽፉ አማርኛውም ነገሩም ይገጥማል።

ይቺ አንድ ቁጥር ደግሞ ሁሌ እኩል አትከብድም። መቶ ሚሊዮን ሲቆጠር አንድ ምንም አይደለችም፣ ሃምሳ ሲቆጠር ግን 2 በመቶ ናት። 50.3 እና 50.6 ላይ ያለ ጄኔሬተር በ1 ሰከንድ ጌት ሁለቱም 50ና 51 ላይ ነው የሚመላለሱት፣ የገቨርነሩን ብሎን ሩብ ዙር አዙረው ለውጥ መጣ አልመጣ ከዚህ ማወቅ አይቻልም። ጌቱን 10 ሰከንድ ካደረጉት 503 ቆጥሮ 50.3 ይላል፣ የመጨረሻዋ ዲጂት አሁን 0.1 ኸርዝ ሆነች ማለት ነው፣ ግን ብሎኑን በነኩ ቁጥር አሥር ሰከንድ ቆሞ መጠበቅ አለ፣ በዚያ መሀል ሞተሩ ከፍ ዝቅ ሲል ቢቆይ እንኳን አማካዩን ብቻ ነው የሚያሳይዎት። ጌት ታይም ሲረዝም አነባበቡ ይረቃል፣ መታደሱ ይዘገያል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት በዚህ መንገድ አይቻልም።

ለ50 ኸርዝ የሚያዋጣው የአንዱን ዑደት ርዝመት መለካት ነው (መሣሪያው ፔርየድ የሚል ምርጫ ካለው)። ያን ጊዜ ጌቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ራሱ ሞገዱ ነው፣ የሚቆጠረው የውስጡ የ10 ሜጋኸርዝ ሰዓት ይሆናል፣ በ50.3 ላይ ወደ 198,807 ይቆጥራል። አንድ ከፍ ዝቅ ማለቷ አሁንም አለች፣ ከዚህ ሁሉ ቁጥር ላይ ግን አትታይም፣ ደግሞ መልሱ የሚመጣው በ20 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። እዚህ የሚያስቸግረው የጄኔሬተሩ ሞገድ ንጹሕ አለመሆኑ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ዲጂቶች ቢጨፍሩ አይግረምዎት። በተለይ አንዱን ማቋረጫ ሁለት ጊዜ ከቆጠረው ሊሆን የማይችል ትልቅ ፍሪኩዌንሲ ያሳያል፣ በጆሮ የሞተሩ ድምፅ ሳይለወጥ ቁጥሩ ድንገት ከዘለለ ችግሩ ይኸው ነው፣ መግቢያው ላይ ፊልተር ያስፈልጋል።

«ትክክለኛነቱ ይጨምራል» የሚለውን ግን ይሰርዙት፣ ይሄኛው የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም፣ ሐሳቡንም ያጣምመዋል። ጌት ማስረዘም የሚጨምረው ሪዞሉሽንን ነው፣ ማለትም የቱን ያህል ትንሽ ልዩነት መለየት እንደሚችል። ትክክለኛነቱ የሚመጣው ከውስጡ ክሪስታል ነው። ክሪስታሉ ከሚሊዮን 50 ያህል ከሳተ፣ በ100 ሜጋኸርዝ የኤፍኤም ሲግናል ላይ ንባቡ በ5,000 ኸርዝ ይስታል፣ ጌቱን 10 ሰከንድ አድርገው እስከ 0.1 ኸርዝ ድረስ ዲጂት ቢያሳይዎትም ያው 5,000ው እዚያው አለ። «ስህተት» የሚለው ቃል ቦታው እንግዲህ እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ከታማኝ ምንጭ ጋር ተስተያይቶ የሚታረም ነው። ለእናንተ ለ50 ኸርዙ ሥራ ግን ይህ መሳት 0.0025 ኸርዝ ብቻ ስለሚሆን መመሪያው ውስጥ ባይገባም ችግር የለውም።