sort() 10ን ከ2 ሲያስቀድም

«ሰላም ናችሁ ቤተሰቦች። ኮምቦልቻ ላለ የእህል መጋዘን በጃቫስክሪፕት ትንሽ መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው። የገባውን ጭነት በኩንታል ከትንሽ ወደ ትልቅ ለመደርደር sort() ተጠቀምኩ፤ 10 ከ2 ይቀድማል፣ 100ም ከ2 በፊት ይመጣል። ባለፈው ወር ግን በትክክል ይደረድር ነበር። ምን ነካው? እባካችሁ እህታችሁን አግዙኝ።»

እህቴ፣ ኮድሽን ምንም አልነካውም። ባለፈው ወርም አሠራሩ ያው ነበር፤ የገቡት ቁጥሮች ሸፍነውለት ነው እንጂ። መጀመሪያ ይህን ልብ በይ፤ ምክንያቱም ከዚህ በላይ የተሰጡሽ መልሶች ማስተካከያውን ነግረውሽ ይህን ዘለውታል፣ አንደኛው መልስ ደግሞ ራሱ ስህተት ነው። እሱ ላይ እመለስበታለሁ።

1. sort() በቅንፉ ውስጥ ምንም ሳይሰጠው ሲጠራ ቁጥርን እንደ ቁጥር አያየውም። እያንዳንዱን ወደ ጽሑፍ ይለውጥና ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ያወዳድራል፤ የተማሪ ስም በፊደል ተራ እንደሚደረደረው ማለት ነው። 10 እና 2 ሲገናኙ የሚያየው የ10ን «1» እና «2»ን ነው። የ«1» የኮድ ቁጥር 49፣ የ«2» ደግሞ 50 ነው። 49 ስለሚያንስ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ከ«1» በኋላ የመጣውን ዜሮ የሚያይ የለም። 10 እና 100 ሲገናኙ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እኩል ናቸው፣ 10 ቀድሞ ስላለቀ ይቀድማል። እንዲህ ይወጣል፦

```js
[10, 2, 75, 100, 9].sort()
// [10, 100, 2, 75, 9]
```

ይህ የብሮውዘር ብልሽት አይደለም፤ በቋንቋው ደንብ ላይ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል። አንድ ዝርዝር ቁጥርም፣ ስምም፣ ሌላም ነገር ቀላቅሎ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሁሉንም ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ማወዳደር ለሁሉም የሚሠራ መንገድ ሆኖ ተመርጧል። ደንቡ ከ1997 ጀምሮ ስላለ፣ ዛሬ ይቀየር ቢባል በእሱ ላይ የቆሙ ድረ ገጾች ይበላሻሉ። ስለዚህ ይስተካከላል ብለሽ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ባለፈው ወር። ከሐይቅም ከኩታበርም የገባው ጭነት ሁሉ ሁለት አሃዝ ከነበረ፣ ለምሳሌ 12፣ 48፣ 30፣ 75 ከነበረ፣ በጽሑፍም ብትደረድሪው በቁጥርም ውጤቱ አንድ ነው። ዜሮም ሆኑ ከዜሮ በላይ የሆኑ፣ ነጥብ የሌላቸውና የአሃዝ ብዛታቸው እኩል የሆነ ቁጥሮች ሁልጊዜ ትክክል ይወጣሉ። በዚህ ወር አንድ ሰው 2 ኩንታል ይዞ መጣ፣ ሌላው በከባድ መኪና 100 አራገፈ፤ የአሃዙ ብዛት ተለያየና የተደበቀው ወጣ። መፈተሻ ቁጥሮችሽ ሁሉ እኩል አሃዝ ከሆኑ ስህተቱን አንድም ቀን አታዪውም። ስትፈትሺ ቢያንስ 2፣ 9፣ 10 እና 100ን አንድ ላይ አስገቢ፤ የሚቀነስ ሒሳብ ካለሽ -1፣ -2 እና -10ንም ጨምሪ፣ እነሱ በዚህ መንገድ -1፣ -10፣ -2 ሆነው ነው የሚወጡት። ነጥብ ያለውም እንዲሁ ነው፤ 9.5 ከ10 በኋላ ይሄዳል።

ዝርዝሩ ሲታይ መዛባቱ ትንሹ ጉዳት ነው፤ ዓይን ያየዋል። ትልቁ ጉዳት ከድርደራው በኋላ ሌላ ሒሳብ ሲሠራ ነው። የኩንታል ዋጋ 1250፣ 1480፣ 1100 እና 980 ብር ነው እንበል። ይህ ሲደረደር 1100፣ 1250፣ 1480፣ 980 ይሆናል። የመጀመሪያውን «ዝቅተኛ ዋጋ»፣ የመጨረሻውን «ከፍተኛ ዋጋ» ብሎ የሚያሳይ ገጽ ካለሽ ከፍተኛው ዋጋ 980 ብር ይላል። መጋዘን ኃላፊውም ያምነዋል፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ሦስቱ በተራቸው ቆመዋል። መካከለኛውን ቁጥር የምታወጪ ከሆነም እንደዚያው ነው፦ ከላይ ባሉት አምስት ቁጥሮች ትክክለኛው መካከለኛ 10 ነው፣ በተዛባው ዝርዝር ግን መሃል ላይ የተቀመጠው 2 ነው። ምንም ቀይ የስህተት መልእክት አይወጣም።

2. ማስተካከያው ይህ ነው፦

```js
kuntal.sort((a, b) => a - b)
```

የምትሰጪው ፋንክሽን ከዜሮ በታች ከመለሰ a ይቀድማል፣ ከዜሮ በላይ ከመለሰ b ይቀድማል፣ ዜሮ ከሆነ እኩል ናቸው። 2 - 10 ከዜሮ በታች -8 ስለሆነ 2 ይቀድማል። ከትልቅ ወደ ትንሽ ስትፈልጊ b - a ነው። ጭነቱ ባለ ብዙ መስክ ከሆነ ደግሞ a.kuntal - b.kuntal ብለሽ መስኩን ጥሪ።

ከላይ አንድ ወንድማችን «a > b ብለሽ ጻፊ፣ ይሠራል» ያሉሽን ግን ተዪው። ይህ መልስ በየግሩፑ ሲዞር ዓመታት አልፈውታል፣ በጣም ያናድደኛልም። a > b የሚመልሰው እውነት ወይም ሐሰት ነው፤ እነሱ ወደ ቁጥር ሲቀየሩ 1 እና 0 ይሆናሉ። ከዜሮ በታች የሆነ መልስ ፈጽሞ የለም፤ ስለዚህ ደርዳሪው «a ይቅደም» የሚል ምልክት አያገኝም። በድሮው ክሮም እስከ 10 ቁጥር ላለው አጭር ዝርዝር በአጋጣሚ ይሠራ ነበር። በ2018 ክሮም 70 የድርደራ ዘዴውን ሲቀይር ያ አጋጣሚ ቀረ። አሁን በክሮምም በኖድም ዝርዝሩ እንደገባ ይወጣል። ምልክቱም ይኸው ነው፦ የገባውና የወጣው ተራ ከተመሳሰለ ወዲያውኑ ቅንፉን ተመልከቺ።

3. a - b ጽፈሽም 10 ከ2 ሊቀድም ይችላል። አብዛኛው ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፣ አንቺም ቁጥሩን ከፎርም ወይም ከኤክሴል ፋይል የምትቀበዪ ከሆነ መድረስሽ አይቀርም። ከመጻፊያ ሳጥን የሚመጣ ነገር ሁሉ ቁጥር ቢመስልም ጽሑፍ ነው። የመቀነስ ምልክት ጽሑፉን ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፤ "10" - "2" 8 ይሰጣል፣ እስከዚህ ደህና ነው። ጸሐፊው «1,250» ብሎ በኮማ ከጻፈ፣ ወይም «12 ኩንታል» ብሎ ቃሉን ከጨመረ ግን ቁጥር መሆን ያቅተውና NaN ይሆናል። በግዕዝ አሃዝ ፲ ብሎ የጻፈም ቢኖር ያው ነው፣ ጃቫስክሪፕት አያነበውም። ከNaN ጋር የሚደረግ መቀነስ ሁሉ NaN ነው፣ ደርዳሪው ደግሞ NaNን እንደ ዜሮ፣ ማለትም እንደ «እኩል» ይቆጥረዋል። እንግዲህ ይህን ተመልከቺ፦

```js
[10, NaN, 2].sort((a, b) => a - b)
// [10, NaN, 2]
```

10 ከNaN እኩል፣ NaN ከ2 እኩል ተባለ፤ 10 እና 2 ፊት ለፊት ሳይገናኙ ቀሩ። አንድ የተበላሸ መዝገብ ራሱ ብቻ ቦታ አይስትም፣ ግራና ቀኙ ያሉትን ጤነኞችም ያሳስታል። ለዚህ ነው ከመደርደር በፊት ማጽዳት ያለብሽ፦

```js
function qutir(s) {
  const t = String(s).replaceAll(",", "").trim();
  return t === "" ? NaN : Number(t);
}
const tiru = gebi.map(qutir).filter(Number.isFinite);
tiru.sort((a, b) => a - b);
```

ባዶውን ለብቻው የያዝኩት Number("") ዜሮ ስለሚሰጥ ነው፤ ካልተያዘ ያልተሞላ መስመር ሁሉ «0 ኩንታል» ሆኖ ከላይ ይሰለፋል። ከማጣሪያው የወደቁትን ግን ዝም ብለሽ አትጣያቸው፣ የሰው እህል ነው፤ ለብቻ አውጥተሽ መዝጋቢው እንዲያርማቸው አሳዪ። በNumber ፋንታ parseFloat እንድትጠቀሚ የሚመክርሽም ይኖራል። ለ«12 ኩንታል» 12 ይሰጥሻል፣ እውነት ነው። ኮማውን ሳታወጪ «1,250» ብትሰጪው ግን ኮማው ላይ ቆሞ 1 ይመልሳል። NaN ቢያንስ ሲፈለግ ይገኛል፤ 1 ኩንታል የሆነው 1,250 ግን ትክክለኛ ቁጥር መስሎ ያልፋል።

ሌላም አለ። sort() አዲስ ዝርዝር አይሠራም፣ የነበረውን ራሱን ነው የሚያገላብጠው። ጭነቱ የገባበት ተራ የሚያስፈልግሽ ከሆነ (መጋዘን ውስጥ ያስፈልጋል፣ የቀደመ ቀድሞ ይወጣልና) ቅጂው ላይ ደርድሪ፦ kuntal.slice().sort((a, b) => a - b)። ከ2023 ወዲህ በወጡ ብሮውዘሮችና በኖድ 20 toSorted() ይህንኑ ያደርጋል፣ ግን እሱም ባዶ ቅንፍ ከተሰጠው 10ን ከ2 ያስቀድማል። የመጋዘኑ ሠራተኞች አሮጌ ስልክ ከያዙ slice() ይሻላል። እኩል ኩንታል ያላቸው ጭነቶች የገቡበትን ተራ ይዘው ይቆያሉ፤ ከ2019 ጀምሮ ይህ በደንቡ ግዴታ ሆኗል።

ታይፕስክሪፕት ብትጠቀሚ እንኳ ባዶውን sort() አይከለክልሽም፤ ለእሱ የሚቀበለው ትክክለኛ አጻጻፍ ነው። ከፈለግሽ በታይፕስክሪፕት ኢኤስሊንት ውስጥ require-array-sort-compare የሚባለውን ደንብ አብሪው፣ በቁጥር ዝርዝር ላይ ባዶ ቅንፍ ሲያይ ይጮኻል። ካልሆነ በፕሮጀክቱ ውስጥ .sort() ብለሽ ፈልጊና የተገኘውን አንድ በአንድ እዪ፤ ስም የሚደረድረውን ተዪው፣ ቁጥር የሚደረድረውን ሁሉ አርሚ።

እና ከዚህ በፊት ያተምሻቸው ሪፖርቶች። ሁሉንም መድገም አያስፈልግሽም። በአንድ ዝርዝር ውስጥ የአሃዝ ብዛታቸው የሚለያይ፣ ወይም ነጥብ ያላቸው፣ ወይም ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮች የነበሩባቸውን ብቻ ለይተሽ «ዝቅተኛ»፣ «ከፍተኛ» እና «መካከለኛ» የሚሉትን መስመሮች እንደገና አስሊ። ድምሩና አማካዩ በድርደራ አይነኩም፣ እነሱን ተያቸው።