ከ«ምን ተቀነሰ» ወደ «ምን ተለወጠ»

«አቶንመንት»ን ልብ ወለዱንም ፊልሙንም ጨርሻለሁ። ማወዳደሪያ ስጽፍ ግን «ይሄ ተቀንሷል፣ ያ ተጨምሯል» ብቻ ይሆንብኛል። የትርጉም ለውጡን እንዴት ላሳይ? እህታችሁን እርዱኝ።

በሁለቱም ውስጥ ያለ አንድ ትዕይንት ምረጪና ማን መጀመሪያ እንዳየው ጠይቂ። የፏፏቴው ገንዳ ትዕይንት ይበቃሻል።

በማክዩዋን መጽሐፍ (2001) መጀመሪያ ከሲሲሊያ ጋር ነን። ከወጣቱ ሮቢ ጋር ሲጓተቱ የአበባ ማስቀመጫው ተሰብሮ ስባሪው ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ልብሷን አውልቃ የምትገባው በእልህ እንደሆነ እናውቃለን። ትንሽ እህቷ ብራዮኒ በመስኮት የምታየው ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ስለምናውቅ፣ ልጅቷ ስትሳሳት ቁጭ ብለን እናያታለን።

የጆ ራይት ፊልም (2007) ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። መጀመሪያ ከብራዮኒ ጋር በመስኮቱ እናያለን፤ ድምፃቸው አይሰማም። ሮቢ እያስገደዳት ይመስላል። እኛም ከልጅቷ ጋር እንሳሳታለን፤ እርማቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ያው ድርጊት ነው፣ ግን መጽሐፉ ፈራጅ ሲያደርገን ፊልሙ ተባባሪ ያደርገናል። ድርሰትሽ በዚህ ላይ ይመሥረት።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የተማሪዎች ጽሑፍ ሳርም ደጋግሜ የማየው፣ ሁሉንም ለውጥ «ፊልም ስለሆነ ነው» ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን ፊልሙም እንዳለ ማስቀጠል ይችል ነበር፤ ስለዚህ ምርጫ ነው። መጨረሻው ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ ላይ አሮጊቷ ብራዮኒ ብቻዋን ትጽፋለች፤ ታሪኳ የሚያጋልጣቸው የማርሻል ባልና ሚስት በሕይወት እስካሉ መጽሐፏ አይታተምም። ፊልሙ ይህን የውስጥ ድምፅ የሚሰማ ሰው ስለፈለገ የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ አደረገው። የተደበቀው ኑዛዜ አደባባይ ወጣ። ምርጫ የሆነውን ለውጥና ፊልም በመሆኑ የመጣውን ለያይተሽ ጻፊ።