አልኮል፣ ካርቦክሲሊክ አሲድና ኤስተርን መለየት

«ሦስቱም ኦክስጅን አላቸው። ቀመሩን አይቼ በምን ልለያቸው?»

ኦክስጅኑን ትተህ ጎረቤቶቹን ተመልከት። ፋንክሽናል ግሩፕ የሞለኪዩሉን ጠባይ የሚወስን ትንሽ የአተሞች ቡድን ነው፤ የቀረው የካርቦን ሰንሰለት በአብዛኛው ተሸካሚ ነው።

መጀመሪያ C=O፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ የተያያዘ ካርቦን፣ ፈልግ፤ በቀመር ውስጥ COO ሲጻፍ ይህ C=O በውስጡ አለ። ከሌለና -OH በሰንሰለቱ ካርቦን ላይ ከተቀመጠ አልኮል ነው፤ ጠጅ ውስጥ ያለው ኤታኖል፣ CH3CH2OH፣ እንዲህ ነው። ጠጁ አየር አግኝቶ ሲኮመጥጥ ባክቴሪያዎች ኤታኖሉን ወደ CH3COOH ይለውጡታል። አሁን -OH የተቀመጠው C=O በያዘው በዚያው ካርቦን ላይ ስለሆነ ካርቦክሲሊክ አሲድ ነው። የዚህን -OH ሃይድሮጅን አንስተህ በቦታው የካርቦን ሰንሰለት ብትተካ ደግሞ ኤስተር ታገኛለህ፤ CH3COOCH2CH3፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸት ፈሳሽ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው COO ባየ ቁጥር አሲድ ሲል ነው (እኔም ፈተና ላይ ወድቄበታለሁ)። CH3COOH እና HCOOCH3 ሁለቱም C2H4O2 ናቸው። በሁለተኛው ከፊት ያለው H የተያያዘው ከካርቦኑ ጋር ነው፤ ኦክስጅኑን ተከትሎ የመጣው CH3 ስለሆነ ኤስተር ነው።

በእጅህ ፈሳሹ ካለ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ነስንስበት። ኮምጣጤ ወዲያው አረፋ ያወጣል፤ ንጹሕ ኤታኖልና ኤስተር ግን ዝም ይላሉ፤ ስለዚህ ሙከራው እነዚህን ሁለቱን አይለይልህም።